ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ

እህቴ ባልትና ትሸጣለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። እሷ የንግዱ እጅ ናት፣ እኔ ጆሮው ነኝ። ደንበኞች በቴሌግራም የሚልኩትን ድምፅ እየሰማሁ ትዕዛዙን ከጥያቄው እለያለሁ። «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ባስረክበው ደስ ይለኛል።

ድምፅ የሚልክ ሰው ከሱቅ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው የሚያወራው። በጽሑፍ ቢሆን «በርበሬ 2 ኪሎ ሰሚት» ብሎ ይገላገል ነበር። በድምፅ ግን መጀመሪያ ጤናችን ይጠየቃል። ከዚያ የእናታችን ጤና። ከዚያ ዝናቡ። ትዕዛዙ መሀል ላይ የሆነ ቦታ ተሸጉጧል።

«ታዲያ ዝለለው!» ትሉኛላችሁ። አይዘለልም። እንደ ወግ አጥባቂ ሽማግሌ፣ አማርኛም ዋናውን ቃል መጨረሻ ላይ ነው የሚያወጣው። «ለቅዳሜ አራት ኪሎ ሽሮ ለአያት ኮንዶሚኒየም...» ሲባል ብዕር አንስቼ መጻፍ አልጀምርም። ቀጥሎ «ላኪልኝ» ሊመጣ ይችላል። «ስንት ይሆናል?» ሊመጣ ይችላል። «ልል ነበር፣ ግን እህቴ ከጎንደር አመጣችልኝ» የሚልም አጋጥሞኛል። ስለዚህ ሰላምታውን በእጥፍ ፍጥነት አስሮጠዋለሁ፣ ቁጥር የሸተተኝ ቦታ ላይ ወደ ልኩ እመልሰዋለሁ። በእጥፍ ፍጥነት «ሰባት» እና «ሰባ» አይለዩም። ሰባ ኪሎ በርበሬ ደግሞ የሰርግ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ሰሚት ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የዱሮ ደንበኛ። ርዝመቱ 3:12።

«ሰላም ነው የኔ ልጅ? ደህና ነሽ ወይ? እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ... ያ ያለፈው ሚጥሚጣ ጨው በዛበት መሰለኝ፣ ግን ልጆቹ ጠራርገው ጨረሱት። ... እና የእህቴ ልጅ ሐሙስ ማታ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው፣ ለእናቱ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዞላት ይሂድ ብዬ። ሽሮው አሁን ስንት ገባ? ... ኧረ ወተቱ! ወተቱ ገነፈለ!»

እዚህ ላይ ድስትና ክዳን ብቻ ይሰማል። እሳቸው ጣታቸውን ከማይክሮፎኑ አላነሱም። ወይም ቆልፈውታል።

«... ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ሦስት ይሁን፣ አንዱን ለኔ። የልጁ በደንብ ይታሸግ፣ ልብሱን በርበሬ በርበሬ እንዳይሸተው። በይ እናትሽን ሳሚልኝ።»

አሁን ይህ ምንድን ነው? ትዕዛዝ ነው፣ ጥያቄ ነው፣ ቅሬታ ነው፣ የመሳም አደራም አለበት። «ሦስት» ያሉት በሁለቱ ላይ ሦስት ተጨምሮ አምስት ይሁን ማለታቸው አይደለም። «አንዱን ለኔ» የምትለዋ ሐረግ ሒሳቡን ዘጋችው፤ ሁለት ለመንገደኛው፣ አንድ ለቤት። የሁለቱ እሽግ ይለያያል፣ ስለዚህ ትዕዛዙ አንድ ቢሆንም ከረጢቱ ሁለት ነው። የሚደርስበትን ቀን አልተናገሩም። ግን በረራው ሐሙስ ማታ ከሆነ ሻንጣው ረቡዕ ማታ ይመዘናል። 23 ኪሎ ሞልቶ ዚፑ ከተዘጋ በኋላ የሚደርስ በርበሬ አሜሪካ አይሄድም፣ ሰሚት ይቀራል። አድራሻም አልሰጡም፤ ዱሮም የሚያውቀው ሞተረኛው ነው።

እኔ ታዲያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «በርበሬ 3 ኪሎ። 2 ለመንገደኛ ለብቻው የታሸገ፣ 1 ለቤት። ረቡዕ ከሰዓት፣ እንደ ባለፈው ሰሚት። ልክ ነው?» የሽሮውን ዋጋ በሌላ መልእክት ላክሁ። አንድ ላይ ቢሄድ «እሺ» ብለው ይመልሳሉ፣ እሺው ለዋጋው ይሁን ለሦስቱ ኪሎ የሚያውቅ የለም። የሚጥሚጣው ጨው ለእህቴ ተላለፈ። አኮረፈች።

መልሱ መጣ። ድምፅ ነው፣ 1:40። «አዎ» የምትለዋ ሃምሳኛው ሰከንድ አካባቢ አለች። መጨረሻው ላይ ደግሞ «እንግዲያው ሽሮውንም ግማሽ ኪሎ ጣል አድርጊበት» አሉ። ጥያቄ የነበረው ትዕዛዝ ሆነ።

የሚያስቸግረው እንዲህ ዓይነቱ ነው። «በርበሬ አላችሁ?» አዲስ ሰው ሲለው ጥያቄ ነው። የዱሮ ደንበኛ ሲለው ግን «እንደ ወትሮው ላኪ» ማለት ነው። ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ገና ገበያውን እየዞረ ነው። «ሦስት ኪሎ ስወስድ ስንት ታደርጊልኛለሽ?» የሚለው ግን፣ የሚከራከር ቢመስልም፣ ገንዘቡ እጁ ላይ ነው። ለእሱ ቶሎ እመልሳለሁ። ከሁሉ የከፋው «አስቀምጪልኝ» ነው። ትዕዛዝ አይባልም፣ ጥያቄም አይደለም። በጾም ዋዜማ ሁሉም ሽሮ ያስቀምጣል፣ የሚወስደው ግን ሌላ ነው። እህቴ አሁን የቴሌብር ደረሰኝ ሳታይ የምታስቀምጠው ፈገግታ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ግማሹን ጥያቄ የሚፈለፍለው ሻጩ ራሱ ነው። ቻናሉ ላይ የሚያምር ፎቶ ይለጥፋል፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ከዚያ «ኤጭ! ሰው ዋጋ ብቻ እየጠየቀ አሰለቸን!» ይላል።

ሌላው ጣጣ ሁለቷ ምልክት ናት። ቻቱ እንደተከፈተ ለላኪው ሁለት ጭረት ይታየዋል። ድምፁ ግን ገና አልተሰማም። «አይተሽ ዝም ትይኛለሽ?» የሚል ሁለተኛ ድምፅ ይከተላል፣ በሦስተኛው ትዕዛዙ እንደገና ከነሰላምታው ይነገራል። ባል ደግሞ ከራሱ ስልክ ያንኑ ይልካል። ቤቱ አንድ፣ ሽሮው አንድ፣ ድምፁ አራት። ስለዚህ መዝገባችን በስም ሳይሆን በሠፈርና በቀን ነው፤ ወደ አንድ በር አንድ ቀን ሁለት እኩል ትዕዛዝ ከሄደ ደውለን እናጣራለን።

አካውንቱ ደግሞ በእኔም በእህቴም ስልክ ላይ ክፍት ነው። ያልተሰማ ድምፅ ላይ ያለችው ነጥብ አንዳችን ስንከፍተው ትጠፋለች። እህቴ ቅመም እያመሰች ግማሹን ትሰማና ትተወዋለች። እኔ ስመጣ ነጥቡ የለም፣ ተሰምቷል ብዬ አልፋለሁ። ሆዳቸው የባሰባቸው ደንበኞች የሚፈጠሩት እዚህ ጋ ነው። አሁን ሕግ አለን፦ የከፈተው ይጽፈዋል። ካልጻፈው ቻቱን «ያልተነበበ» ያደርገዋል።

በመጨረሻ እህቴ መረራትና ቻናሉ ላይ በትልቁ ለጠፈች፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ትዕዛዝ የምንቀበለው በጽሑፍ ብቻ ነው።» ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ምላሽ ገባ። ድምፅ ነው፣ 0:48።

«ሰላም ነው የኔ ልጅ? አሁን የጻፍሽውን መነጽሬ የለም፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። ምን እንደሚል በድምፅ ንገሪኝ እስቲ። ዋጋ ጨመረ እንዴ?»

ይህኛውን በጥያቄ ጎራ መድቤዋለሁ።