አርባ ዘጠኝ ሎሚ

የቅያሳችን ሃያ ቤቶች በአንድ ጉዳይ ብቻ ያለ ልዩነት ይስማማሉ፤ ጨለማው አስመርሯቸዋል። ክዳን ያጣው የፍሳሽ ጉድጓድ እግር ይሰብራል፣ አምሽቶ የሚገባ ሰው ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ እየሮጠ ያልፋል፣ ውሻውም ጎረቤትን ከሌባ መለየት ተስኖት በሁሉም ላይ እኩል ይጮሃል። ስብሰባ ተጠራና ጨለማው በአንድ ድምፅ ተረገመ። መዋጮ የሚል ቃል ሲነሳ ግን አዳራሹም ጨለመ።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ብድግ አሉ። «ሁለት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶች ከነምሰሶአቸው 40 ሺህ ብር ይፈጃሉ እንበል። ለሃያ ቤት ሲካፈል 2 ሺህ ነው። መብራቱ ለእያንዳንዱ ቤት የ5 ሺህ ብር ጥቅም ቢሰጥ በድምሩ 100 ሺህ ይሆናል። 40 ሺህ አውጥቶ 100 ሺህ ማግኘትን እምቢ የሚል አለ?»

ሃያውም እምቢ አሉ። መምህሩ የቅያሱን ሒሳብ ሠሩ እንጂ የየቤቱን አልሠሩም። የየቤቱ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሌሎቹ ከከፈሉ እኔ ሳልከፍል ብርሃኑ ያገኘኛል፣ ምሰሶ ሥር ቆሞ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም። ሌሎቹ ካልከፈሉ ደግሞ የእኔ 2 ሺህ ብር ብቻዋን ምሰሶ አትተክልም። በሁለቱም በኩል ብልሁ ኪሱን ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው እውነት ነው፤ ሆኖም ከሃምሳው እያንዳንዱ «አርባ ዘጠኙም ያምራል» ብሎ ባዶ እጁን ከመጣ ሎሚ የሚባል ነገር አይታይም።

አንዱ ጎልማሳ ብልሃት ያገኘ መሰለው፤ «ሁሉም መብራቱ የሚጠቅመውን ያህል ይክፈል» አለ። ባለ ፎቁ ወዲያው «እኔ በመኪና ነው የምገባው፤ መኪናዬ የራሱ መብራት አለው» አሉ። ባለ ሱቁ በጊዜ እንደሚዘጋ ማለ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሻማ የሚሸጥልን እሱ ነው። በሳምንቱ ወረዳው ሊያስተክልልን ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን በማመልከቻው ላይ መጀመሪያ የፈረሙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ባለ ሱቁማ ያለ መብራት ልጆቹን ማሳደግ እንዳቃተው ገልጿል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፤ እንዲህ ባለው የጋራ ነገር ላይ ሰው የልቡን ፍላጎት ደብቆ ማሳነስ ይጠቅመዋል፤ ስለዚህ ገበያው እውነተኛውን ዋጋ የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ነጋዴ ታዲያ ብርሃን አይሸጥም ማለት አይደለም። የእጅ ባትሪ ይሸጣል፤ ያልከፈለ አያገኘውምና። በእያንዳንዱ በር ላይ አምፖል ይሸጣል፤ ባለቤቱም ብርሃኑ ወደ ውጭ እንዳይባክን አንገቱን ወደ ግቢ ያጠመዝዘዋል። የድሮዋ ለንደንም መንገዷ ሲጨልም ችቦ ይዘው መንገደኛን በክፍያ ቤቱ የሚያደርሱ ልጆች ነበሯት። መቼም ከከፋዩ ኋላ ጥቂት ራቅ ብሎ በነጻ የሚከተል አልጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ። የሚያስቀው ነገር፣ ነጻ ተጠቃሚውን ማባረር ቢቻል እንኳ የሚተርፍ ነገር የለም። አንድ ሰው በምሰሶ ሥር ስላለፈ ለተከታዩ የሚቀንስ ብርሃን የለምና።

እነዚሁ ሰዎች ግን የእድራቸውን ወርሃዊ ክፍያ አንድ ቀን አያሳልፉም። ደግነት ድንገት አድሮባቸው አይደለም። እድር ያልከፈለውን ይለያል፤ ድንኳኑ አይተከልለትም፣ ወንበሩ አይመጣለትም፣ ቀባሪ አይጠራለትም፣ ስሙም በጉባኤ ይነበባል። ማንኩር ኦልሰን የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ያስረዳው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው ለጋራ ጥቅም የሚያዋጣው፣ ለከፋዩ ብቻ የሚደርስ ሌላ ነገር አብሮ ሲታሰርለት ነው።

የእድሩ ሰብሳቢ ኦልሰንን ሳያውቁ ሥራውን ሠሩት። በየወሩ ክፍያ ላይ 200 ብር ጨመሩና «ይህን ያልከፈለ እድሩንም እንዳልከፈለ ይቆጠራል» አሉ። ሬሳና አምፖል ምን አገናኛቸው ያለ ነበር፤ ከፈለ። አሥራ ዘጠኝ ቤት በአሥራ አንድ ወር 41,800 ብር አዋጣ፣ መብራቱም ተተከለ።

ሃያኛው ቤት የባለ ፎቁ ነው። እድርተኛ አይደሉም፤ መቀበሪያቸውም ማስቀበሪያቸውም ሌላ ሰፈር ነው። አሁን መኪናቸውን ደጃፋቸው ላይ በእኛ ብርሃን ያሳጥባሉ። በመጨረሻው ጉባኤ ላይ አንድ አባል እሳቸው ሲገቡ መብራቱ ይጥፋ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በጭብጨባ ጸደቀ። ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ በየማታው ማን ይቁም ሲባል ግን ሁሉም ሌላውን ያይ ጀመር።