ፒ ቫልዩን መጨረሻ ላይ እናንብባት

«ቲቸር፣ እዚህ ፒ ቫልዩው 0.16 ነው የሚለው። አይሰራም ማለት ነዋ! ታዲያ ለምን ስጡ ይሉናል?»

አይደለም። ጠያቂዋ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የነርሲንግ ተማሪ ናት። እጇ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው «ዎማን» የተባለው ጥናት ፎቶ ኮፒ ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳቸው 20,060 እናቶች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ደም መፍሰስን የሚቀንሰው መድኃኒት ትራኔክሳሚክ አሲድ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ፕላሴቦ። ልጅቷ ሰንጠረዡን እንደተነገራት ነው ያነበበችው። ቀጥታ ወደ መጨረሻው ዓምድ ሄዳ «ሲግኒፊካንት» ለመባል የተለመደው ወሰን ከሆነው ከ0.05 በታች ያለውን ፒ ቫልዩ ፈለገች። የቀረውን ዘለለችው።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ የሰው ቁጥር ይነበብ፣ ቀጥሎ ኢንተርቫሉ፣ ፒ ቫልዩ መጨረሻ ላይ።

በደም መፍሰስ ብቻ የሞቱትን እንይ። መድኃኒቱን ካገኙት 10,036 እናቶች 155 ሞቱ። ፕላሴቦ ካገኙት 9,985 ደግሞ 191። በስልክ ካልኩሌተር ሲካፈል 1.54 ከመቶ እና 1.91 ከመቶ ይመጣል። አንደኛውን ለሌላኛው ስናካፍል 0.81 እናገኛለን። ሪላቲቭ ሪስክ የሚባለው ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። 1 ቢሆን ኖሮ ልዩነት የለም ማለት ነበር። 0.81 ማለት ሞቱ በ19 ከመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ክፍሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ከመቶ እናቶች 19 ይተርፋሉ» የሚል አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! የቀነሰው ከሞቱ ላይ ነው እንጂ ከእናቶቹ ላይ አይደለም። ከሺህ እናቶች 19 ይሞቱ የነበሩት ወደ 15 ወረዱ። ብዙ ደም ከፈሰሳቸው ሺህ እናቶች አራት ያህሉ ተረፉ ማለት ነው። ርካሽ ለሆነ መርፌ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን 19 አይደለም።

አሁን ኢንተርቫሉ። ለ0.81 የተሰጠው 95 ከመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.65 እስከ 1.00 ነው። ጥናቱ ከሰበሰበው መረጃ ጋር የሚስማማው ውጤት በዚህ መሀል ይገኛል። ከባድ ቅነሳ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ምንም ሊሆን ትንሽ የቀረው። ፒ ቫልዩዋ 0.045 ናት። አልፋለች! ጭብጨባ! ግን ኢንተርቫሉን ያየ ሰው በጠባቡ እንዳለፈች ያውቃል። መድኃኒቱ የማይሰራበት ዕድል 4.5 ከመቶ ነው ማለትም አይደለም። መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ወይም የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ ጥናት በአራት ወይም በአምስቱ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ወደ 0.16 እንመለስ። ያቺ የማንኛውም ምክንያት ሞት ናት። ሪላቲቭ ሪስኩ 0.88፣ ኢንተርቫሉ ከ0.74 እስከ 1.05። ከሩብ በላይ ቅነሳም፣ አምስት ከመቶ ጭማሪም አብረው ተቀምጠዋል። «አይሰራም» የሚል ቃል እዚህ ውስጥ የለም። «በዚህ ቁጥር ብቻ አልለየም» ነው የሚለው። ለምን? መድኃኒቱ ደም መፍሰስን ይቀንሳል እንጂ በኢንፌክሽን ወይም በኤክላምፕሲያ የሚመጣውን ሞት አይነካም። እነዚያ ሞቶች ሲደመሩ ልዩነቱ ይሳሳል።

ተጠራጣሪ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ያስተውላል፣ ማስተዋልም አለበት። ጥናቱ ሲጀመር ዋና መለኪያው የማንኛውም ምክንያት ሞት ወይም ማኅፀን ማውጣት ነበር። በዚያ መለኪያ ልዩነት አልታየም፦ 0.97፣ ከ0.87 እስከ 1.09። ማኅፀን ለማውጣት የሚወሰነው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት ስለነበር፣ መድኃኒቱ ውሳኔውን የሚቀይርበት ፋታ አላገኘም። ማብራሪያው አሳማኝ ነው። ሆኖም ዋናው መለኪያ ምን እንደነበር ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም።

ከወለዱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ግን በደም መፍሰስ የመሞት ሪላቲቭ ሪስኩ 0.69፣ ኢንተርቫሉ ከ0.52 እስከ 0.91 ነው። 1ን አይነካም። ይህ የንዑስ ቡድን ውጤት ስለሆነ ለብቻው ቢሆን እጠነቀቅ ነበር። ቀደም ሲል በአደጋ ደም የፈሰሳቸው ሰዎች ላይ የተሠራው «ክራሽ 2»ም ቶሎ መስጠት እንደሚጠቅም ማሳየቱ ግን ክብደት ይሰጠዋል። ከከተማ ዳር ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ጠብቆ፣ መንገድ ተዘግቶ ሆስፒታል ለሚደርስ ሰው ሦስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እነዚህ ተማሪዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ፈተናው ላይ «ሲግኒፊካንት ነው፣ አይደለም» የሚለው ምርጫ ይውጣ። አንድ ሰንጠረዥ ይሰጥና «ከሺህ እናቶች ስንት ተረፉ? ኢንተርቫሉ 1ን ይነካል? ቢነካስ ወዴት ያመዝናል?» ይባል። ለማረም ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ትሁን፣ ግን ትኑር።