ማስተካከያ፦ የቤቲንግ ቤቱን ትርፍ ከኦድ ላይ ስለማንሳት

«ደብረ ማርቆስ ነኝ። ባለፈው እንዳልከው ትርፉን ለሦስት አካፍዬ ከየውጤቱ ቀነስኩ። ኦዱ ለባለሜዳው 1.05፣ ለአቻ 11፣ ለእንግዳው 51 ነበር። እንግዳው ከዜሮ በታች ወጣብኝ። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

አይሆንም፤ ስህተቱ የእኔ ነው። 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ ስናካፍል 95.24፣ 9.09 እና 1.96 በመቶ ይወጣል። ድምሩ 106.29 ነው። ከ100 በላይ ያለውን ትርፍ 6.29ን እኩል ካካፈልነው ከየውጤቱ 2.10 ይነሳል። እንግዳው ግን ያለው 1.96 ብቻ ነው፤ ከሌለው ላይ መቀነስ ሆነ።

ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ለ1.0629 ማካፈል ነው፦ 89.6፣ 8.6 እና 1.8 በመቶ። ከዜሮ በታች በጭራሽ አይወርድም።

ግን ይህም ጉድለት አለው። ቤቲንግ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ትርፍ የሚደብቁት በትልቁ ኦድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማካፈሉ ደካማውን ቡድን ከአቅሙ በላይ ያሳየዋል። እንዲህ ለተራራቁ ቡድኖች እኔ የምመርጠው ድምሩ 1 እስኪሆን ሦስቱንም የመጀመሪያ ቁጥሮች ወደ አንድ ዓይነት ኃይል ከፍ ማድረግን ነው። እዚህ ኃይሉ 1.24 ገደማ ነው፦

```
0.9524^1.24 = 0.941
0.0909^1.24 = 0.051
0.0196^1.24 = 0.008
```

የእንግዳው ዕድል ከ1.8 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ቡድኖቹ ተቀራራቢ ከሆኑ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ትንሽ ነው፤ ማካፈሉ ይበቃል።