«ዝም ካለ ሰላም ነው» ስህተት ነው

«ማስጠንቀቂያ ካልመጣ ሁሉም ሰላም ነው። ስክሪፕቴ ችግር ሲያይ ኤስኤምኤስ ይልካል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ይህን ላርም ወንድሜ። ዝም ያለ ዘበኛ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አይታወቅም። ደብረ ብርሃን የወተት ታንክ ሙቀት በየ5 ደቂቃው የሚያይ ስክሪፕት ነበረኝ። ከ4 ዲግሪ ካለፈ መልእክት ይልካል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ታንኩ ተነሳ፤ ስክሪፕቱ የሚሠራባት ትንሿ ኮምፒውተር ግን አልተነሳችም። ሁለት ቀን ተረጋግቼ ተኛሁ። በሦስተኛው ማቀዝቀዣው ተበላሸ፤ የነገረኝ ሽታው ነው!

ነገሩን ገልብጠው። ስክሪፕቱ ዙሩን በጨረሰ ቁጥር «አለሁ» ይበል፤ ድምፁ ሲጠፋ ሌላ ማሽን ይጩህ።

```
*/5 * * * * /opt/check.sh && curl -fsS -m 10 https://example.com/beat
```

`&&` ያለው ስክሪፕቱ መሀል ላይ ከወደቀ «አለሁ» እንዳይል ነው። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ቢያገኝም፣ መልእክቱን ልኮ ከጨረሰ በ`exit 0` ይውጣ፤ አለዚያ ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ይምታታሉ።

«አለሁ»ን የሚቀበለው ማሽን 12 ደቂቃ ይታገስ። ኔትወርክ አንድ ዙር ቢያስቀር በከንቱ ከእንቅልፍህ አይቀሰቅስህም። ግን እዚያው ታንኩ አጠገብ አታስቀምጠው፤ መብራቱ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ይሁን። ከዚያ ስክሪፕቱን ሆን ብለህ አጥፋና ስልክህ እስኪጮህ ሰዓት ያዝ።