የወንድሜ የውርርድ ዕዳ፦ ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ጥያቄው፦ «ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ደመወዙ 14,000 ብር ሲሆን ከእናታችን ጋር ይኖራል። በእግር ኳስ ውርርድ 186,000 ብር ዕዳ ውስጥ ገብቷል። 64,000 ዕጣው ቀድሞ ለደረሰው እቁብ የሚቀረው ነው፤ ዋሱ አጎታችን ናቸው። 70,000 የአራጣ አበዳሪ፣ 12,000 የስልክ ብድር፣ 16,000 የመሥሪያ ቤቱ፣ 24,000 የጓደኞቹ ነው። የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ ለእናታችን እንዳልነግር አስምሎኛል። እኔና እህቴ ተበድረን እንክፈልለት ወይስ እንተወው? በእኔ ላይ ያለውን እምነት ማጣት አልፈልግም።»

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ክፈሉለት። የቤተሰብ ስም እንደ ሸክላ ነው። ነገ የእቁቡ ዳኛ አጎታችሁን በሰው ፊት ቢጠይቃቸው፣ አበዳሪው እናታችሁ በር ላይ ቢቆም ያ እምነት በምን ይመለሳል? አራጣ ደግሞ አይተኛም። እኔም ከዓመታት በፊት የልጄን ዕዳ በአንድ ቀን ዘግቻለሁ። አልቅሶ ማለልኝ፤ ዛሬ ሥራውን ይሠራል። ለእናትየው ግን አንዳች ቃል እንዳትናገሩ። ደም ግፊት ያለባት እናት ይህን መስማት የለባትም።

የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ መምህር፣ እርስዎ እምነት ሲሉ ሰፈሩ በቤተሰቡ ላይ ያለውን ማለትዎ ነው። ጠያቂዋ ግን የምትጨነቀው ወንድሟ ዳግመኛ እውነቱን እንዳይደብቃት ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ አንዳንዴም ይጣላሉ።

ለአሥራ አንድ ዓመት የብድር ማመልከቻ ስመረምር ያየሁት ነገር ቢኖር የተወራራጅ የመጀመሪያ ዝርዝር ሙሉ ሆኖ አለማወቁን ነው። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ በጣም የሚያሳፍረውን አንዱን ያስቀራል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው የእናት ወርቅ ወይም በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ቤተሰቡ 186,000 ከፍሎ «ነጻ ወጣህ» ሲለው ያ የተደበቀው ዕዳ እጁ ላይ አለ። እሱን በድብቅ ለመክፈል የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ አንድ ትኬት ብቻ መቁረጥ። ስልኩ እንደገና ብድር ይፈቅድለታል፤ ጓደኞቹም ስለተከፈላቸው እንደገና ያበድሩታል። ዕዳው ሲዘጋ የተከፈተለት የመበደሪያ በር ነው።

ስለዚህ ማንም ሳንቲም ሳያወጣ በፊት እሱ ራሱ ስልኩን ይዞ ከእህቱ ጋር ይቀመጥ። የስድስት ወር የቴሌብርና የባንክ እንቅስቃሴውን አብረው ይዩ። ተኝቶ ሳለ ስልኩን መበርበር አይገባም፤ አመኔታ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ወደ ማን ስንት ብር እንደሄደ በወረቀት ሲሰፍር ዝርዝሩ ራሱን ያርማል።

መምህሩ፦ ዝርዝሩ ይሁን። ዝርዝር ግን አራጣ አያቆምም። ሁለት ሳምንት ወረቀት ስትጽፉ ወለዱ ሊጨምር ነው። ዋሱስ? አጎትየው ምን አጠፉ? «አንከፍልም» ማለት እኮ ባልበላው ሰው ማስከፈል ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ስለ ዋሱ ልክ ነዎት፤ እቁቡን ከሌላው የምለየው ለዚህ ነው። እቁብ ካልተከፈለ የሚጎዱት ዕጣቸውን የሚጠብቁ ሰዎችና አጎትየው ናቸው። ቤተሰቡ የሚገባበት ቦታ ይህ ነው፤ ገንዘቡ ግን በወንድምየው እጅ አያልፍም።

ቀሪው እቁብ በወር 8,000 ለስምንት ወር ነው እንበል። መሥሪያ ቤቱ በየወሩ 2,000 ቢቆርጥበት በስምንት ወር ያ ዕዳ ያልቃል። ከደመወዙ 12,000 ይቀራል። ከዚህ 4,000 እሱ፣ 4,000 ደግሞ ሁለቱ እህቶች በቀጥታ ለእቁቡ ጸሐፊ ይክፈሉ። 3,000 ለትራንስፖርትና ለምሳ ይያዝለት። 3,000 ለስልክ ብድሩ ከሆነ እሱ በአራት ወር ገደማ ይዘጋል። 2,000 ለአበዳሪው ይሂድ። ጓደኞቹ ይጠብቁ፤ እሱ ራሱ ሄዶ «ከስምንት ወር በኋላ እጀምራለሁ፤ እስከዚያ ብለምናችሁም አታበድሩኝ» ይበላቸው። እህቶቹ በጠቅላላው የሚያወጡት 32,000 ነው፤ እሱም በወረቀት የሚመለስ ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር የደመወዝ ቀን ነው። ለቁማርተኛ ከደመወዝ ቀን ማታ የባሰ ሰዓት የለም። ስለዚህ እሱ ፈቅዶ ደመወዙ ከእህቱ ጋር በጋራ ፊርማ ወደሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ። ካልፈቀደ ይህ ሁሉ ስሌት ወረቀት ነው።

መምህሩ፦ በ26 ዓመቱ የምሳ ገንዘብ ሊቆጠርለት? ይህማ ወንድነቱን መግፈፍ ነው። ደግሞስ ለአራጣ አበዳሪ 2,000 ወርውሮ ዝም የሚል ይመስልሻል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ዝም ላይል ይችላል፤ ይህን አልክድም። ግን ጠያቂዋ ወንድሟን አንድ ነገር ትጠይቀው፤ በእጅህ የገባው ስንት ነው? ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ 70,000 ሲል እጁ የገባው 50,000 ነው፤ ወለዱ ዋናው ብድር ውስጥ ተቀብሮ ይጻፋል፤ ወለድ የሚል ቃል ግን የትም የለም። አራጣ በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ አበዳሪውም ያውቀዋል። ሁለት ሽማግሌ ይዞ በዋናው ብድር ላይ መደራደር የሚቻለው ለዚህ ነው። የተፈረመው ወረቀት ወይም ቼክ በእጅ እስኪመለስ ድረስ ጠቅላላውን መክፈል ግን ሞኝነት ነው። እህቶቹም አዲስ ወረቀት ላይ በዋስነት እንዳይፈርሙ።

መምህሩ፦ ሽማግሌውን እቀበላለሁ። እንደ እኔ ግን አበዳሪው ማስፈራራት ከጀመረ ዋናውን ብድር በአንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ይሻላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወረቀቱ በእጅ ከገባ አልከራከርዎትም። እኔም አንድ ልጠይቅዎት፤ የልጅዎን ዕዳ የከፈሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው?

መምህሩ፦ ...ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከሰባት ወር በኋላ መጣ፤ ያኔ እናቱ ሰማች። የተወውም ከዚያ በኋላ ነው። መክፈሌ ይሁን ወይስ የእሷ መስማት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንግዲህ ምስጢሩ ላይ ደረስን። እህቴ፣ መሐላሽን ከኋላው አታፍርሺ። ፊት ለፊት «ይህን ብቻዬን አልሸከምም፤ ለአጎታችን ሳይነገር አይሆንም። ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል፤ እስከ እሑድ እጠብቅሃለሁ፤ ከፈለግህ አጠገብህ እቀመጣለሁ» በዪው። ዋሱ ከማንም በፊት የማወቅ መብት አላቸው።

በአንድ ጉዳይ ግን እሑድን አትጠብቂ። «ብሞት ይሻለኛል» ወይም ይህን የሚመስል ቃል ከወጣው ዕዳውን ተዪው፤ ብቻውን አይደር፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ቁማር ራሱ በሕክምናው ዘርፍ እንደ ሱስ የሚታይ ሕመም ነው፤ ሌሎች ገንዘብ እያወጡ ከጭንቅ እንዲያወጡት መፈለግም ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ውርርዱን በልመና ብቻ ካላቆመ ያለ ጭንቅም ሐኪም ቢያየው መልካም ነው።

መምህሩ፦ አጎትየው ይወቁ፤ እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። እናትየውን ግን አሁንም አልልም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔም አልጫንም፤ ልጁ ይወስን። አንድ ነገር ብቻ፤ የእናትየው ወርቅ በቦታው እንዳለ ያየ ሰው አለ?