«ትኩሳት» ብሎ መጻፍ አይበቃም

«ሂስትሪውንም ምርመራውንም ሳልዘል አቀርባለሁ። ዲፈረንሻል ስባል ግን አሥራ አምስት በሽታ እደረድራለሁ። ሲኒየሩ “የትኛውን ታስቀድሚያለሽ?” ሲሉኝ መልስ የለኝም።» — የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ

የተሰናከልሽው አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ይመስለኛል። ፕሮብሌም ሊስቱ ላይ «ትኩሳት» ብቻ ከተጻፈ ዝርዝሩ ማብቂያ አይኖረውም፤ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ ብዙ ነውና። ለተማሪዎቼ የምሰጠውን አንድ የመለማመጃ ኬዝ ይዘን እንየው።

የ24 ዓመት ወጣት ነው። ከደጋ ወርዶ መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ አራት ወር ሠርቷል። ትኩሳቱ ሁለት ወር ሙሉ እየመጣ እየሄደ አልተወውም። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በገመድ አስሮታል። ሆዱ በግራ በኩል ይከብደዋል፤ ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ይነስረዋል። ሲመረመር ገርጥቷል፣ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ንፍፊት የለውም። ሄሞግሎቢን 7.2፣ ነጭ የደም ሴል 1,800፣ ፕላትሌት 34,000።

ደብተር ላይ አዘውትሬ የማገኘው ሰባት ተራ ነው፦ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሆድ እብጠት፣ ነስር፣ የደም ማነስ፣ የነጭ ደም ሴል ማነስ፣ የፕላትሌት ማነስ። አንዱም ስህተት የለውም፤ ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለውን መልሶ መቅዳት ነው። መጨረሻ ያሉት ሦስቱ አንድ ችግር ናቸው፣ ሦስቱም የደም ሴሎች አንሰዋል። ነስሩም ከዚያው ሥር ይገባል፤ ፕላትሌቱ በዚህ መጠን ሲወርድ ይጠበቃልና። «የሆድ እብጠት» የሚለውን ምርመራው ራሱ አርሞታል፤ በጣም ያደገ ጣፊያ ነው። ትኩሳቱ ደግሞ የሁለት ወር ዕድሜ አለው። ስለዚህ የሚጻፈው ይህ ነው፦ መተማ የቆየ ወጣት፣ የሁለት ወር ትኩሳት ከክብደት መቀነስ ጋር፣ በጣም ያደገ ጣፊያ፣ የሦስቱም የደም ሴሎች ማነስ። እግሩ አብጦ ቢሆን ኖሮ ግን ምክንያቱን እስካውቅ ለብቻው አቆየው ነበር። አለጊዜው የተዋሃደ ችግር ሁለተኛውን በሽታ ይደብቃል።

አሁን አሥራ አምስቱ ወደ አራት አምስት ይወርዳሉ። ታይፎይድና ግርሻ በሁለት ወሩ ምክንያት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አንደኛ ካላዛር ነው፤ ቦታውንም፣ ትኩሳቱንም፣ ጣፊያውንም፣ ደሙንም አንድ ላይ ያስረዳል። ሁለተኛ የተሰራጨ ቲቢ፤ ትኩሳቱና ክሳቱ ይስማማዋል፣ ጣፊያን ይህን ያህል ማሳደጉ ግን የተለመደ አይደለም። ቀጥሎ ሊምፎማ፤ ንፍፊት አለመኖሩ ወደ ታች ይጎትተዋል እንጂ አያስወጣውም። በተደጋጋሚ ወባ ምክንያት የሚመጣው የጣፊያ ማደግ ጣፊያውንና የደሙን ማነስ ያስረዳል፤ ይህን የመሰለ የማያቋርጥ ትኩሳት ግን አያስረዳም። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚደግፈውን ብቻ ሳይሆን የሚቃወመውንም ጻፊ። ለሲኒየሩ ጥያቄ መልስ የምታገኚው ከዚያ ነው።

ኤች አይ ቪ ከነዚህ ጋር አይሰለፍም። እሱ የሌሎቹን ሁሉ ሚዛን የሚቀይር ነገር ስለሆነ ምርመራው ዛሬውኑ ይሠራል። የወባ ደም ምርመራም እንዲሁ፤ ዕድሉ አንደኛ ስለሆነ ሳይሆን ቢታለፍ በቀናት ውስጥ ስለሚገድል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መተማ ከቆየ ሰው ደም ውስጥ የወባ ተሕዋስ ቢገኝ የሚገርም አይደለም፤ የሁለት ወሩን ታሪክና የጣፊያውን መጠን ግን ብቻውን አይዘጋም። ታክሞ ከሦስት ቀን በኋላም ትኩሳቱ ካልበረደ ዝርዝሩ እንደገና ይከፈታል።

ለካላዛር አርኬ 39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ አለ። ከዚህ በፊት ካላዛር ይዞት በማያውቅ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ባለው ሰው ፖዘቲቭ ከሆነ ሕክምና ይጀመራል። ታክሞ ለነበረ ሰው ግን አይረዳም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳነም በኋላ ይቆያል። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ደግሞ ነጌቲቭ ስለሆነ ብቻ ካላዛርን አታስወጪ፤ በነሱ ላይ ምርመራው ይበልጥ ይስታል። ያኔ ናሙና ይወሰዳል፤ በ34,000 ፕላትሌት ከጣፊያ መውሰድ ለመድማት ስለሚያጋልጥ ከአጥንት መቅኔ ይሆናል።

ኬዙን ከጨረስሽ በኋላ አትዝጊው። ነጩን የደም ሴል 90,000 አድርጊና እንደገና ደርድሪ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረው የደም ካንሰር ከላይ ይወጣል። ከዚያ ቁጥሩን መልሺ፣ ትኩሳቱን አጥፊ፣ ደም ማስመለስን ጨምሪ፤ ቢልሃርዝያ ያስከተለው የጉበት ደም ሥር ግፊት ይቀድማል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ቅደም ተከተሉን ያዞረው የትኛው መረጃ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፊና ለሲኒየርሽ አሳዪ።