«ትምባሆ የለውም እኮ!»

ዱባይ፣ ዴራ አካባቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ግድግዳ ሥር ደም የሚመስል ቀይ ትፋት ይደርቃል። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቃመው የፓን ትፋት ነው። በዕረፍት ቀን ምሳ ላይ ተሰብስበን ወሬው ወደዚያ የሄደው በአንድ ወዳጃችን ምክንያት ነበር። የሌሊት ሾፌር ነው። ከባንግላዴሽ ባልደረቦቹ ፓን ውስጥ የሚገባውን ፍሬ፣ ሱፓሪን፣ መቃም ለምዷል።

«እንቅልፍ ያባርርልኛል፣ ሌላ ምንም የለውም» አለና አሠራሩን አሳየን። አረንጓዴ ቅጠል ዘረጋ። ኖራ በአውራ ጣቱ ቀባበት። የተከተፈውን ሱፓሪ ጣል አድርጎ ጠቀለለና ጉንጩ ውስጥ ወተፈው። ትንሽ ቆይቶ ግንባሩ አላበው።

«ያው ጫት ነው በለኛ!» አለ አንዱ።

ጥርስ ሕክምና ቤት የምትሠራ እህታችን አልተስማማችም። «ይኼ የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ፍሬ ነው። ውስጡ አሬኮሊን የሚባል ነገር አለ። ኒኮቲን የሚነካቸውን የነርቭ መቀበያዎች ይነካል። የሚያነቃህ እሱ ነው።»

«ታዲያ ቀላል ነገር ነው እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«ቀላልነቱ እኮ ነው ችግሩ። በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ ሩብ ሰዓት አካባቢ ሲሆን ይለቅሃል። ስለዚህ ሌላ ትጨምራለህ። መጀመሪያ ቀን አዙሮህ አልነበር?»

«አዙሮኛል። ጉሮሮዬም አንቆኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምንም አይለኝም።»

«ለመድከው ማለት ነው። ስታቆመው ደግሞ ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍህ ይዛባል፣ ሐሳብህን መሰብሰብ ያቅትሃል።»

ሾፌሩ ዋናውን መከላከያውን ያወጣው ይኼኔ ነው። «ካንሰር የሚያመጣው ትምባሆ የተቀላቀለበት ነው። የኔ ትምባሆ የለውም እኮ!»

እውነቱን ለመናገር ይኼ ክርክር ድሮ ባለሙያዎቹም ዘንድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1985 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ያለው ትምባሆ ያለበትን ብቻ ነው። ሐሳቡ የተለወጠው በ2003 ሲሆን ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያላት ታይዋን ናት። እዚያ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የጉልበት ሠራተኞች ይቅሙታል፤ ትምባሆ ግን አይጨምሩበትም። የአፍ ካንሰሩ ግን አለ።

«እነሱ ሲጋራ ያጨሳሉ!» አለ ሾፌሩ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ያጨሳሉ። ግን እዚያው ታይዋን፣ ካኦሺዩንግ ከተማ ላይ ተሠርቶ በ1995 የወጣ ጥናት ሰዎቹን ለያይቶ አይቷቸዋል። ምንም ከማይነካ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ የሚቅም ብቻ የአፍ ካንሰር ስጋቱ 28 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሚቅም፣ የሚያጨስና የሚጠጣ ደግሞ 123 እጥፍ። ሲጋራና መጠጥ ነገሩን ያባብሱታል እንጂ ሱፓሪውን ነፃ አያወጡትም።

እህታችን ቁጥር ውስጥ አልገባችም። ዝም ብላ ጠየቀችው፦ «አዋዜው ለምን ቀረብህ ዛሬ?»

«አፌን ያቃጥለኛል። የጥርስ ሳሙናዬ ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«እስቲ ሦስት ጣትህን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበህ፣ ከላይኛውና ከታችኛው የፊት ጥርስህ መሃል አስገባ።»

ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው አልገባም። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ያስረዳችን እንዲህ ነው። አሬኮሊን የጉንጭን ሥጋ ጠባሳ የሚመስል ጠንካራ ጅማት እንዲሠራ ያደርገዋል። ፍሬው ውስጥ ያለው መዳብ ደግሞ ያንን ጅማት ያጠነክረዋል። መጀመሪያ በርበሬ ያቃጥላል። ከዚያ የጉንጩ ውስጥ ይነጣል፣ ሲዳሰስ ክር ክር ይላል። ከዚያ አፍ አልከፈት ይላል። አንዴ የጠነከረው ወደ ድሮው አይመለስም፤ ማቆም የሚጠቅመው እንዳይብስ ነው። እዚህ የደረሰ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላይ ግን እዚያው ሥጋ ላይ ይበቅላል። ስለዚህ የማይድን ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ጉንጭ ላይ እብጠት ካለ ቶሎ መታየት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ሾፌሩ ስለ ንቃቱ አልዋሸም። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ለያዘ ሰው ሩብ ሰዓትም ሩብ ሰዓት ነው፤ እሱን ንቄ አልፈርድበትም። የትምባሆው ክርክሩ ግን ካኦሺዩንግ ላይ ወድቋል። አዋዜ ያስተወውን አፍ ይዞ መከራከሩን ትቶ ሐኪም ፊት ይቅረብ፤ ለምርመራ ትንሽ ሥጋ የሚወሰድበት ባዮፕሲ ከተባለም ይስጥ። እሱ ግን እስካሁን «ጣቴ ወፍራም ስለሆነ ነው» ይላል። የሌላ ሰው ጣት ቢሆን አምነው ነበር። በራስ ጣት የሚለካው እኮ የወፍራሙም የቀጭኑም አፍ በልኩ እንዲታይ ነው።